ከአጎቴ ማሳ በላይ ያለው ጠባሳ

ነሐሴ 2009 ዓ.ም.፣ ከጎንደር ከተማ በስተሰሜን ወደ ኮሶዬ አቅጣጫ በምትገኘው የአጎቴ መንደር፣ ሦስት ቀን ያላባራ ዝናብ ከወረደ በኋላ ጋራው ሌሊት ተናደ። ሰው አልሞተም፤ ከብትም አልጠፋም። አጎቴ ድምፁን ሲነግሩኝ «እንደ ነጎድጓድ ጀመረ፤ እንደ ወፍጮ እያጉረመረመ አለቀ» ነበር ያሉት። ሲነጋ፣ ቁጥቋጦ ለብሶ የኖረው ተዳፋት መሃል ለመሃል ተቀዶ፣ ከላይ ድንጋዩ አፍጥጦ፣ ከታች አፈርና ቋጥኝ ተደበላልቆ ተቆልሎ ታየ።

የአጎቴ የገብስ ማሳ ከናዳው ጎን ነው። ናዳው ማሳውን አልነካውም፤ ነገር ግን ከማሳው ራስጌ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ተከፍቶ ተገኘ። እንዲህ ያለው ስንጥቅ የክረምቱን ውኃ ወደ ውስጥ እያሰረገ ቀሪውን መሬት ለሌላ ናዳ እንደሚያዘጋጅ አጎቴን ማንም ማስተማር አላስፈለገውም። የቆመውን ገብስ ኅዳር ላይ አጨዱ፤ ከዚያ በኋላ ሞፈር ቀንበራቸውን ወደዚያ አልመለሱም። «በሬዎቼን እዚያ ላይ አልጠምድም» አሉ። ማሳው ጠፍ ሆነ።

እኔ ጎንደር ከተማ ውስጥ የሥነ ሕይወት መምህር ነኝ። የዕፅዋትን መተካካት ሳስተምር ሰሌዳውን ለሁለት እከፍል ነበር። በግራ በኩል ቀዳማዊ መተካካት እላለሁ፤ አፈር በሌለበት፣ ዘርም ሥርም ባልቀረበት ባዶ ድንጋይ ላይ ሕይወት ከምንም ተነሥታ የምትጀምረው ማለት ነው። በቀኝ በኩል ዳግማዊ መተካካት፤ የነበረው ዕፅዋት ጠፍቶ አፈሩ ግን የቀረበት፣ ሕይወት ካቆመችበት የምትቀጥልበት። ከዚያ ምሳሌ እደረድራለሁ። ከግራ፦ የቀዘቀዘ የእሳተ ገሞራ ፍሳሽ፣ በረዶ የለቀቀው መሬት፣ ናዳ። ከቀኝ፦ የተቃጠለ ደን፣ የተመነጠረ ጫካ፣ የተተወ እርሻ። ተማሪዎቼ ይገለብጣሉ፤ ፈተና ላይ ይመልሳሉ።

ያ የነሐሴ ሌሊት የሰሌዳዬን ግራና ቀኝ አንድ ጋራ ላይ አጠገብ ለአጠገብ አስቀመጠልኝ። ከፍታው አንድ ነው፤ ዝናቡ አንድ ነው፤ ድንጋዩም ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ፈሶ የረጋው ያው ጥቁር ባዛልት ነው። የሚለያቸው የቀረላቸው ነገር ብቻ ነው። ስለዚህ ከዚያ ዓመት ወዲህ በየዓመቱ ከመስቀል በኋላ፣ ዝናቡ ጋብ ሲልና አበባው ሳይረግፍ፣ ደብተር ይዤ እዚያ እወጣለሁ። ስምንት ክረምት አለፈው።

ወደ ማሳው ከመግባቴ በፊት ስለ አንድ ቃል ልናገር። ባዶ መሬት ላይ ቀድመው የሚደርሱትን ዕፅዋት ፈር ቀዳጅ እንላቸዋለን። ቃሉ የገበሬ ነው፤ ባልታረሰ መሬት ላይ የመጀመሪያውን ፈር የሚያወጣው ሰውና በሬ ነው ፈር ቀዳጅ የሚባለው። ማረሻ የቆመበትን መሬት የሚይዙት ዕፅዋት በማረሻ ቃል መጠራታቸው ደስ ይለኛል፤ የሚሠሩትም ሥራ ከዚያ የራቀ አይደለም።

በመጀመሪያው ክረምት ማሳው ላይ ሰው ሳይዘራው ገብስ በቀለ። በአጨዳ ጊዜ የረገፈው ፍሬ ነው። ከገብሱ ጋር ስናር፣ በስሩ ማገጥ፣ በዳርና በዳሩ መጭ ነበር። መስከረም መጨረሻ ላይ ስደርስ ከሩቅ የታረሰ የሚመስለው ማሳ ቀርበው ሲያዩት ግማሹ ቢጫ ነው፤ መጭ የኑግ የቅርብ ዘመድ ስለሆነ አበባውም እንደ ኑግ ነው። በሁለተኛው ዓመት ገብሱ እዚህም እዚያም አንዳንድ ዘለላ ብቻ ቀረ። በሦስተኛው ዓመት ፈልጌ አጣሁት።

ይህ የገብስ መጥፋት ለብዙ ጊዜ አሳሰበኝ። ስናርና ገብስ አንድ ዓይነት አፈር ላይ ጎን ለጎን ኖረው፣ አንዱ ሲቀር ሌላው የሚጠፋበት ምክንያት ፍሬያቸው ላይ ነው። አባቶቻችን ለሺህ ዓመታት የመረጡት ገብስ ፍሬው ከዛላው የማይረግፍ፣ እርጥበት ሲያገኝ ሁሉም ባንድ ጊዜ የሚበቅል ገብስ ነው። ለአጫጅ ይህ በረከት ነው። አጫጅ ለሌለው ማሳ ግን ጥፋት ነው፤ ዛላው እንዳለ ወድቆ ባንድ ቦታ ይበቅላል፤ ወይም ያለ ጊዜው በዘነበ ዝናብ ሁሉም ነቅቶ ሁሉም ይደርቃል። ስናር ግን ፍሬውን ገና ሳይታጨድ ይበትናል፤ ከተበተነውም ከፊሉ በመጀመሪያው ዝናብ አይነቃም፤ አፈር ውስጥ ተኝቶ ሌላ ክረምት ይጠብቃል።

ይህ መጠበቅ ነው የተተወ እርሻ ዋና ሀብት። የአረም ዘር አፈር ውስጥ ስንት ዓመት እንደሚቆይ ለማወቅ አሜሪካዊው የዕፅዋት ሊቅ ዊልያም ቢል በ1879 እ.ኤ.አ. የተቆጠረ ዘር ከአሸዋ ጋር ቀላቅሎ በ20 ጠርሙሶች ቀበረ። ከእሱ በኋላም ተተኪዎቹ በየጊዜው አንድ አንድ ጠርሙስ እያወጡ ይዘሩታል። በ2021 እ.ኤ.አ. ከ141 ዓመት በኋላ በወጣው ጠርሙስ ውስጥ አሁንም የበቀለ ዘር ተገኘ፤ የበቀለውም የእኛ ቀጠጥና ወገን ነው። ቀጠጥናን የጎንደር ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ ወፍራም ጸጉራም ቅጠሉን አይቶ የአህያ ጆሮ የሚለውም አለ። አጎቴ ማሳ ላይ ቀጠጥና በሁለተኛው ዓመት መሬት ላይ ተነጥፎ፣ በሦስተኛው ዓመት ቢጫ አበባውን እንደ ጧፍ አቁሞ ሳየው ከየት መጣ ብዬ አልጠየቅሁም። ምናልባት እኔ ከመወለዴ በፊት ጀምሮ እዚያው ተኝቶ ይሆናል።

ግን «ምናልባት» መምህርን አያሳርፍም። አፈሩ ውስጥ በእውነት ምን እንዳለ ለማየት አንድ ግንቦት፣ ዝናቡ ከመግባቱ በፊት፣ ከሦስት ቦታ አፈር ወሰድሁ፦ ከተተወው ማሳ፣ ከናዳው ግርጌ ከተቆለለው፣ እና ከናዳው ራስጌ ድንጋዩ ካፈጠጠበት። ከሦስቱም የላይኛውን አምስት ሴንቲሜትር ብቻ ነው የወሰድሁት፤ አብዛኛው ሊበቅል የሚችል ዘር ያለው እዚያ ነው። ከራስጌው አፈር ለማለት እንኳ የሚያስቸግር ነገር ነው የተገኘው፤ የተፈረፈረ ድንጋይ ነው። ቤት መጥቼ ቢጫ ጀሪካኖችን በቁመታቸው ሰንጥቄ፣ ስራቸውን በምስማር በስቼ፣ በእያንዳንዳቸው ሁለት ሴንቲሜትር ያህል ውፍረት አፈር በስሱ አሰፈርሁ። ስስ የሆነበት ምክንያት ብርሃን ነው። የአረም ዘር አብዛኛው ደቃቃ ነው፤ ያለችው ስንቅ ትንሽ ስለሆነች ከጥልቅ ተነሥቶ ላይ አይደርስም፤ ስለዚህ ብርሃን ካልነካው አይነቃም። ገበሬ ባረሰ ቁጥር አረም የሚፈላውም ለዚህ ነው፤ ማረሻው የተኛውን ገልብጦ ለብርሃን ያሳየዋል።

አራተኛ ጀሪካን ያስፈልገኝ ነበር። ግቢ ውስጥ ለሳምንታት ተከፍቶ የሚቀመጥ አፈር ላይ ነፋስ የሚያመጣው ዘር ሁልጊዜ አለ፤ ያንን ካልለየሁ ቆጠራው ዋጋ የለውም። ስለዚህ ዘሩ ሁሉ የሞተበት አፈር ማዘጋጀት ነበረብኝ፤ ያለኝ መሣሪያ ደግሞ ምጣድ ነው። እናቴ አሮጌውን ምጣድ ይዤ ወደ ጓሮ ስወጣ አይታ ተከተለችኝ።

«ምን ልትቆላ ነው?»

«አፈር።»

ትንሽ ዝም ብላ ቆየች። «እንዲያ ከሆነ በደንብ አምሰው» አለች፤ «የተቆላ እህል እንኳ አልፎ አልፎ ጥሬ ይቀርበታል።» ማማሰያውን ከእጄ ወስዳ አፈሩን እንደ ገብስ ቆሎ እያገላበጠች ጨርሳ ሰጠችኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ጀሪካኖቹን ውኃ የምታጠጣውም እሷ ሆነች።

ከስድስት ሳምንት በኋላ የማሳው ጀሪካን አረንጓዴ ምንጣፍ ነበር፤ 80 ቡቃያ ቆጥሬ እየነቀልሁ ሳለ ከስር ሌላ ይወጣ ነበር። የግርጌው ጀሪካን 27። የራስጌው 3፣ የታመሰው አፈር 2። የራስጌው ሦስትና የታመሰው ሁለት ሁሉም ጥጥ የመሰለ ክንፍ ካላቸው፣ ነፋስ ከሚበትናቸው ዓይነቶች ናቸው። ስለዚህ ሦስቱ ከናዳው ራስጌ የመጡ ናቸው ለማለት አልችልም፤ ከጎረቤታችን አጥር የመጡም ሊሆኑ ይችላሉ። ያ ድንጋይ ጎተራው ባዶ ነው። አንድ ጀሪካን የአንድን ጋራ ሙሉ ታሪክ አይናገርም፤ በዚያ ስድስት ሳምንት ያልነቃ ዘርም ይኖራል። ነገር ግን በ80 እና በ3 መካከል ያለው ልዩነት ሰሌዳዬ ላይ በቃል የማስተምረው ልዩነት ነበር፤ ባይኔ ሳየው የመጀመሪያዬ ነው።

ወደ ራስጌው እንውጣ። እዚያ መቆም ራሱ ያስፈራል፤ እግር ሲረግጠው ይንሸራተታል። የመማሪያ መጻሕፍት ስለ ቀዳማዊ መተካካት ሲጽፉ ቅደም ተከተሉን እንዲህ ያስቀምጡታል፦ መጀመሪያ የድንጋይ ሽበት፣ በሳይንሱ ላይከን የሚባለው የፈንገስና የዋቅላሚ ጥምር፣ ድንጋዩን በአሲዱ እየቦረቦረ አፈር ይሠራል፤ ከዚያ ሳረንስት ይነጠፍበታል፤ ከዚያ ሣር፣ ከዚያ ቁጥቋጦ። እኔም ለዓመታት እንዲሁ ነበር የምለው። ስምንት ዓመት የተመላለስሁበት ድንጋይ ግን ይህን ቅደም ተከተል አላሳየኝም።

ጠንካራው ባዛልት ፊት ላይ የድንጋይ ሽበት አለ፤ ከስምንት ክረምት በኋላ ትልቁ ከምስር ፍሬ አይበልጥም። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ድንጋይ ላይ እንደ ቅርፊት ከሚለጠፉት ላይከኖች በዓመት አንድ ሚሊሜትር እንኳ የማያድጉ ብዙ ናቸው። እድገታቸው ዝግ ያለና የማያቋርጥ በመሆኑ ተመራማሪዎች የላይከኑን ስፋት ለክተው ድንጋዩ ከተራቆተ ስንት ዓመት እንደሆነው ይገምቱበታል። በዚህ ፍጥነት አፈር እስኪሠራ የሚጠብቅ ተክል ቢኖር የልጅ ልጆቼም አያዩትም።

ተክሎቹ ግን አልጠበቁም። እምቧጮ፣ ልጆች ለጋ ግንዱን ልጠው የሚበሉት ኮምጣጣው ተክል፣ በሁለተኛው ዓመት ስንጥቅ ውስጥ ነበር። ፍሬው እንደ ስስ ወረቀት ያለ ክንፍ ስላለው ነፋስ ያመጣዋል፤ ስንጥቁ ደግሞ አቧራና የክረምት ጭቃ ይሰበስብለታል። ፈርንም በጥላው በኩል እንዲሁ። ማለትም ላይከኑና እምቧጮው ቅብብል ውስጥ አይደሉም፤ አንዱ የድንጋዩን ፊት፣ ሌላው የድንጋዩን ስንጥቅ ይዘው ባንድ ዘመን የሚኖሩ ጎረቤቶች ናቸው። የበሰበሰው ድንጋይ ባለበት ቦታ ደግሞ ላይከን ጨርሶ የለም። እዚያ ፊቱ በየክረምቱ ይታጠባል፤ ዛሬ የላይ የሆነው ነገ ታች ነው። ሐምሌ ላይ የበቀለውን ጳጉሜን ሳይደርስ ያወርደዋል። እዚያ ከድርቀትም ከረሃብም በፊት ያለው ጠላት የመሬቱ አለመርጋት ነው።

ከመርጋት ቀጥሎ ናይትሮጂን ነው። ባዛልት ስስታም ድንጋይ አይደለም፤ ካልሲየም፣ ማግኒዥየም፣ ብረት፣ ፎስፈረስ አለው፤ ሲፈረፈር እነዚህን ሁሉ ይለቃል። ናይትሮጂን ግን ድንጋዩ ውስጥ የለም ማለት ይቻላል። ያለው አየር ላይ ነው፤ ከአየር የሚይዙት ደግሞ የተወሰኑ ባክቴሪያዎች ብቻ ናቸው። ማሳው ውስጥ ይህን ሥራ ማገጥ ይሠራዋል፤ ሥሩን ነቅላችሁ ብታዩ የሚታዩት ትናንሽ እንክብሎች የእነዚያ ባክቴሪያዎች ቤቶች ናቸው። ራስጌው ላይ ማገጥ የለም። ነገር ግን አንድ ቀን፣ አምስተኛው ዓመት ላይ ይመስለኛል፣ ከድንጋዩ መሃል ውኃ በሚያዥበት አንድ ክንድ ስፋት ባለው ቦታ ላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ዝልግልግ፣ እንደ ተልባ ንፍሮ የሚያዳልጥ ነገር አየሁ። ኖስቶክ ይባላል። ብርሃን የሚመገብ፣ ናይትሮጂንም ከአየር የሚይዝ ባክቴሪያ ነው። የካቲት ላይ ተመልሼ ሳየው ደርቆ ጥቁር ቅርፊት ሆኖ ነበር፤ በጣቴ ስነካው ተሰበረ። ስባሪውን ይዤ መጥቼ ውኃ ባለበት ሲኒ ውስጥ ጣልሁት፤ ማታ የነበረው ቅርፊት ጠዋት ተነፍቶ ዝልግልግ ሆኖ ጠበቀኝ። አሁን በዚያ በሚያዠው ቦታ ዙሪያ የመዳፍ ስፋት ያለው ሳረንስት አለ። በስምንት ዓመት ውስጥ ራስጌው ላይ መጽሐፉ የሚለውን መተካካት ያየሁት እዚያች መዳፍ ላይ ብቻ ነው።

እስካሁን ሰሌዳዬ ትክክል ነበር ማለት ይቻላል፤ ናዳው ዝግ ያለ፣ ማሳው ፈጣን። ሰሌዳዬን ያፈረሰው የናዳው ግርጌ ነው።

ናዳ አፈርን አያጠፋም፤ ቦታውን ይለውጠዋል። ከራስጌው የተገፈፈው ሁሉ ግርጌው ላይ ነው። ግርጌው ሲታይ የተዘበራረቀ ነው፤ የታችኛው ቀይ አፈር ላይ ወጥቶ፣ ጥቁሩ የላይ አፈር በጓል በጓሉ ተሸጉጦ፣ መካከሉ ላይ ሰው የሚያክል ቋጥኝ ተቀምጧል። አንዳንዱ ቋጥኝ አሮጌውን ሽበቱን እንደያዘ ነው፤ ግማሹ ሽበት ወደ ሰማይ፣ ግማሹ ወደ መሬት ተገልብጦ ሞቶ። ከነጓሉ የወረደ አንድ ቀጋ ደግሞ ነበር። ያን ሁሉ ቁልቁለት ተንከባልሎ አንድ ጎኑ ላይ ተጋድሞ ወደቀ፤ በሚቀጥለው ዓመት ነጭ አበባውን አበበ። አጠገቡ የተገነጠለ የወይራ ጉቶ በሁለተኛው ክረምት አቆጠቆጠ። ይህ ዳግማዊ መተካካት ካልሆነ ምን ሊባል ነው? ያውም ናዳው ውስጥ፣ ሰሌዳዬ ላይ በግራ በኩል በጻፍሁት ቦታ።

በአራተኛው ዓመት ግርጌው ማሳውን ቀደመው። ይህን አልጠበቅሁም ነበር። ጀሪካኑ የነገረኝ የማሳው አፈር ሦስት እጥፍ ዘር እንዳለው ነው፤ ታዲያ ቁጥቋጦው ግርጌው ላይ ደረት ሲደርስ ማሳው ላይ ለምን ጉልበት አልደረሰም? መልሱ ማሳው ውስጥ ተቀምጬ ሳር ስነቅል ነው የገባኝ። የማሳው ዘር የአረምና የሣር ዘር ነው። ለስንት ትውልድ የታረሰ መሬት የሚያከማቸው ማረሻን የለመደውን ነው እንጂ የዛፍ ዘር አይደለም። ይህ የእርሻ መሬት ችግር ብቻም አይደለም፤ የደቡብ ጎንደርን የአብያተ ክርስቲያናት ደኖች ያጠኑት ዶክተር ዓለማየሁ ዋሴ እንዳሳዩት፣ ትልልቆቹ ዛፎች በቆሙበት ደን ውስጥ እንኳ አፈሩ የእነዚያን ዛፎች ዘር እምብዛም አያከማችም። የወይራና የመሳሰሉት ዘር በየጊዜው ከውጭ መምጣት አለበት።

በሦስተኛው ዓመት ሰርዶ ማሳውን ሸፈነው። ሰርዶ ከላይ በሐረጉ፣ ከስር በሥሩ ስለሚሄድ በመካከሉ አንድ ጣት የሚያስገባ ባዶ መሬት አይተውም። ነፋስ ያመጣው የክትክታ ዘር ሰርዶው ላይ ያርፋል እንጂ አፈሩን አይነካም። ሁለት የሥነ ምኅዳር ሊቃውንት፣ ኮኔልና ስላትየር፣ በ1977 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ ይህን በግልጽ ለይተውታል፦ ፈር ቀዳጅ ሁሉ ለተከታዩ መንገድ አይጠርግም፤ አንዳንዱ የያዘውን ይዞ በሩን ይዘጋል፤ አንዳንዱም አይረዳ አይከለክልም። ማገጥ መንገድ ይጠርጋል፤ ሰርዶ በር ይዘጋል። በላዩ ላይ ደግሞ የመንደሩ ከብት አለ። ማሳው ሜዳ ስለሆነ ይገባሉ፤ ሰርዶ ሲግጡት ይበልጥ ይሰፋል፤ የበቀለው ቡቃያ ግን ይበላል። ግርጌው ላይ ቋጥኙ ከብት አያስገባም፤ የተገለበጠው ቀይ አፈር ላይም ሰርዶ ገና አልደረሰም። ክትክታው እዚያ የሚያርፍበት ባዶ አፈር አገኘ።

ዛሬ ናዳን በየትኛው ዓምድ ልጻፈው ተብዬ ብጠየቅ በስሙ አልጽፈውም። ጥያቄው ምን ሆነ ሳይሆን ምን ቀረ ነው፤ ያም የሚታወቀው በመቆፈር ነው። ጥቁር አፈር፣ የሥር ቁራጭ፣ የምድር ትል ካለ ዳግማዊ ነው፤ ጣት ሲገባ ድንጋይ ከሆነ ቀዳማዊ ነው። የአጎቴ ጋራ ላይ በሁለቱ መካከል ያለው ርቀት ከራስጌ እስከ ግርጌ አንድ ሩብ ሰዓት የማይፈጅ ቁልቁለት ነው።

ይህን አለመለየት ዋጋ ያስከፍላል። በሦስተኛው ዓመት ክረምት ከአንድ መሥሪያ ቤት ሰዎች ችግኝ ጭነው መጡ። መንደሩም ወጥቶ ጉድጓድ ቆፈረ፤ አጎቴም ቆፍረዋል። ችግኙ የተተከለው ግን ራስጌው ላይ ነበር፤ ከመንገድ የሚታየው፣ ቁስል የሚመስለው እሱ ስለሆነ ነው። የበሰበሰ ድንጋይ በዶማ ተቦርቡሮ፣ እፍኝ አፈር ተጨምሮበት፣ የጥድና የወይራ ችግኝ ቆመበት። ከመስቀል በኋላ ስደርስ ከፊሉን ጎርፍ ከነጉድጓዱ ወስዶት ነበር፤ የቀረው ቅጠሉ ወደ ቢጫ ዞሮ ነበር፤ ከታች ከአሮጌው ቅጠል ጀምሮ መገርጣቱ የናይትሮጂን ረሃብ ምልክት ነው። በጋውን የተሻገረ አንድም አላየሁም። ያ ሁሉ ችግኝ ግርጌው ላይ ወይም ማሳው ላይ ሰርዶው በክብ ተነቅሎለት ቢተከል ኖሮ ዛሬ ስንቱ ቆሞ ነበር እያልሁ እስካሁን ይቆጨኛል። ራስጌው የሚፈልገው መጀመሪያ ድንጋይ በእርከን መልክ ደርድሮ የሚንሸራተተውን ማቆም ነው፤ ከዚያ እዚያው በራሳቸው የመጡትን፣ እምቧጮውንና ፈርኑን፣ አለመንካት። ዛፍ እዚያ የሚደርሰው በእኛ ዕድሜ አይደለም።

ባለፈው ጥቅምት ከአጎቴ ጋር ወደ ማሳው ወረድን። አጎቴ ገጀራ ይዘዋል፤ ለበጎች ጉረኖ አጥር የሚሆን እሾህ ሊቆርጡ ነው። ማሳው አሁን ሰርዶ ነው፤ በሰርዶው መካከል ግን ከብት ያልደፈራቸው የቀጋ ቁጥቋጦዎች እንደ ደሴት ቆመዋል። አጎቴ ትልቁን መርጠው የመጀመሪያውን ቅርንጫፍ ቆርጠው ሲጎትቱ ውስጡ ተገለጠ። ተጎንብሼ አየሁ። ከቀጋው መሃል፣ እሾህ በከበበው እርጥብ ጥላ ውስጥ፣ ሰርዶ በማይደርስበት ባዶ አፈር ላይ፣ ጉልበት የምታህል ቀጭን ተክል ቆማለች። ቅጠሏ ከላይ ጥቁር አረንጓዴ፣ ስገለብጠው ከስር ወርቅማ ቡናማ ነው። ወይራ ናት። ከላይዋ ባለው የቀጋ ቅርንጫፍ ላይ የወፍ ኩስ ደርቆ ነጭ ሆኖ ይታያል።

«አባ፣ ትንሽ ይቆዩ» አልሁ፤ «ይችን ይመልከቱ።»

ገጀራውን መሬት ላይ አስደግፈው ጎንበስ አሉ። ብዙ ጊዜ አዩ።

«ማን ተከላት?»

«ወፍ ናት። ከቤተ ክርስቲያኑ ደን ፍሬ በልታ እዚህ መጥታ ስታርፍ የጣለችው ነው። ቀጋው ከፍየል ጠበቀላት፤ ከፀሐይም ከለላት።»

«አድጋስ ቀጋውን ምን ልታደርገው ነው?»

«ጥላዋ ሲሰፋ ቀጋው ብርሃን ያጣል። ቀስ እያለ ይሞታል።»

አጎቴ መልስ አልሰጡም። የቆረጡትን ቅርንጫፍ አንሥተው፣ እሾሁ እጃቸውን እንዳይወጋቸው በገጀራው ጫፍ እየገፉ፣ የተከፈተውን ቦታ መልሰው ደፈኑት። ከዚያ ገጀራቸውን ትከሻቸው ላይ አድርገው፣ እሾህ ፍለጋ ወደ ግርጌው መንገድ ጀመሩ።